ከሰል ከንጹሕ ካርቦን በላይ አይሞቅም

«ጋሼ፣ ኮምቦልቻ ነኝ። ለመመረቂያ ሥራዬ ከከሰል ብናኝና ከጭቃ ብሪኬት ሠርቻለሁ። 0.96 ግራም በቦምብ ካሎሪሜትር ሳቃጥል ውኃው ከ22.31 ወደ 24.35 ዲግሪ ወጣ። ባልዲው ውስጥ 2000 ግራም ውኃ አለ። መዝገቡ ላይ የካሎሪሜትሩ የሙቀት አቅም 10.14 ኪሎጁል በዲግሪ ይላል። የውኃውንም ደምሬ ሳሰላ በግራም 39.3 ኪሎጁል መጣ። አማካሪዬ “አይሆንም” አሉኝ። የቱ ጋ ነው የሳትኩት?»

አብሽር፣ ሙከራው ደህና ይመስላል። የተበላሸው ስሌቱ ነው።

አማካሪህ ቁጥሩን ገና እንዳዩ «አይሆንም» ያሉበት ምክንያት አለ። አንድ ግራም ንጹሕ ካርቦን ሙሉ በሙሉ ሲነድ 32.8 ኪሎጁል ይሰጣል። ከዚያ ብዙ ርቆ የሚሄደው እንደ ላምባ ሃይድሮጅን የበዛበት ነዳጅ ነው፤ ላምባ ወደ 46 ይደርሳል። ከሰል ግን አብዛኛው ካርቦን ነው። ያንተ ደግሞ የማይነድ ጭቃ አለበት። ስለዚህ 39 ሊመጣ አይችልም።

የሆነው እንዲህ ነው፤ ውኃውን ሁለት ጊዜ ቆጥረኸዋል። 2000 ግራም ውኃ በአንድ ዲግሪ እንዲሞቅ 8.37 ኪሎጁል ይፈልጋል። ይህን ከ10.14 ላይ ስትቀንስ 1.77 ይቀራል። ይህ ናሙናው ተዘግቶበት የሚነድበት የብረት ዕቃ የሆነው የቦምቡ፣ ውኃውን የያዘው የባልዲውና የማማሰያው ድርሻ ነው፤ ለነዚያ ብረቶች ደግሞ ተገቢ መጠን ነው። ስለዚህ መዝገቡ ላይ ያለው 10.14 ውኃውን ጨምሮ የተለካ ነው። አንተ 8.37ን እንደገና ስትደምር 18.51 ሆነብህ፤ መልሱም እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

አሁን እንደገና እናስላው። የሙቀቱ ለውጥ 2.04 ዲግሪ ነው።

10.14 × 2.04 = 20.69 ኪሎጁል

ከዚህ ላይ የመለኮሻው ሽቦ ራሱ ተቃጥሎ የሰጠው ይቀነሳል። 10 ሴንቲሜትር ሽቦ አስረህ 2 ሴንቲሜትር ተርፏል እንበል፤ 8 ነድዷል ማለት ነው። የተለመደው የኒኬል ክሮም ሽቦ በሴንቲሜትር 9.6 ጁል ገደማ ይሰጣል፤ የያዝከው ሽቦ ማሸጊያ ላይ ሌላ ቁጥር ካለ እሱን ተጠቀም። 77 ጁል፣ ማለትም 0.08 ኪሎጁል ይሆናል። 20.61 ቀረን።

20.61 ÷ 0.96 = 21.5 ኪሎጁል በግራም

ይህ ያስኬዳል። ጥሩ ከሰል ወደ 30 ይጠጋል። ያንተ 21.5 ከሆነ ከሩብ በላይ የሚሆነው ጭቃና እርጥበት ነው ማለት ነው።

ግን በኔ ቃል ብቻ አትተማመን፤ መሣሪያውን ራሱን ጠይቀው። አንድ ግራም የቤንዞይክ አሲድ እንክብል አቃጥል። የሚሰጠው ይታወቃል፤ 26.43 ኪሎጁል ነው። የሙቀት አቅሙ ውኃውን ጨምሮ 10.14 ከሆነ ቴርሞሜትሩ 2.6 ዲግሪ ገደማ መውጣት አለበት። ከወጣ ነገሩ አለቀ። ውኃውን ግን ሁልጊዜ በሚዛን ለካ፣ በሲሊንደር በግምት አይሆንም። 10.14 የሚሠራው ለ2000 ግራም ብቻ ነው። 50 ግራም ብታጎድል መልስህ 2 በመቶ ያህል ይስታል።

ደሴ ያሉ ልጆች «ከፍታችን ቁጥሩን አያበላሽም ወይ?» ይሉኛል። አያበላሽም። ድስት ላይ ያለ ውኃ ቶሎ ይፈላል እንጂ፣ ቦምቡ ተዘግቶ 30 አትሞስፌር ኦክስጅን ስለሚሞላበት የውጪው አየር አያገባውም።

ይልቅ የምፈራልህ የከሰሉን ብናኝ ነው። ቦምቡን ስትከፍት ናሙናው የተቀመጠባትን ኩባያ ወደ ብርሃን አዙረህ እይ። ግራጫ ወይም ቀላ ያለ አመድ ከሆነ ጭቃህ ነው፣ ችግር የለም። ጥቁር ነገር ወይም ጥቀርሻ ካለ፣ ወይም የቦምቡ ግድግዳ ላይ ብናኝ ከተበተነ፣ ያ ሙከራ ይጣል፤ ያልነደደውንም ከሰል ከነደደው ጋር መዝነህ በድምሩ አካፍለሃልና። ይህ የሚመጣው ብናኙ በደንብ ሳይጠቀጠቅ ሲቀር ወይም ኦክስጅኑ በጥድፊያ ሲሞላ ነው። ቫልቩን ቀስ ብለህ ክፈት።

የመጨረሻው የእርጥበት ጉዳይ ነው። ከዚያው ብሪኬት ሌላ ቁራጭ 105 ዲግሪ ላይ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቅ። ከአንድ ግራም 0.08 ከጠፋ፣ በደረቁ ሲሰላ 21.5 ÷ 0.92 = 23.4 ይሆናል። ወረቀትህ ላይ ሁለቱንም ጻፍ፣ የቱ እርጥብ የቱ ደረቅ እንደሆነ ለይተህ። ይህ ሳይገለጽ የሁለት ሰው ብሪኬት ማወዳደር አይቻልም።