ሌባ ሳይጠሩ ስለ ጥበቃ ማውራት፦ የባንክ አፕ መሪ ቃል ጥያቄና መልስ

ለባንኮችና ለቁጠባ ተቋማት የማስታወቂያ ጽሑፍ መጻፍ እንጀራዬ ነው። ዛሬ መድረኩ ክፍት ነው። ስለ ባንክ አፕ መሪ ቃል የፈለጋችሁትን ጠይቁ።

በባንክ ማርኬቲንግ የምትሠራ፣ ከሐዋሳ፦ «አዲስ አፕ ልናወጣ ነው። አለቃዬ "ሌባ የማይደፍረው!" የሚል መሪ ቃል ይዘው መጡ። እኔን አልጣመኝም፤ ለምን እንደሆነ ማስረዳት ግን አቃተኝ። ምን ልበላቸው?»

እህቴ፣ ደንበኛው አፑን ገና ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው ሌባውን ነው በያቸው። ብሩ ትዝ የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። ጠንቃቃ ሰው ደግሞ ወዲያው «ማን ተሰርቆ ነው እንዲህ የሚሉት?» ይላል። ሳይጠሩት አቤት ማለት ይሉሃል ይኼ ነው። የትልልቆቹን ባንኮች መሪ ቃል ተመልከቺ። ንግድ ባንክ «የሚተማመኑበት ባንክ» ይላል፤ ዳሽን «ሁሌም አንድ እርምጃ ቀዳሚ» ይላል። ሌባ የትም የለም።

አለቃሽ ካልተዋጠላቸው በሰው ሞክሩት። ቅርንጫፍ ውስጥ ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎችን ምረጪ። የባንኩን ሠራተኛ ተይው፤ ያመሰግናችኋል እንጂ እውነቱን አይነግራችሁም። አፑን ሂሳብ ለማየት ብቻ ከፍተው የሚዘጉትን ነው የምትፈልጊው። ጽሑፉን ለጥቂት ሰከንድ አሳይተሽ ሰውሪውና «ምን ትዝ አለዎት?» በይ። መጀመሪያ የሚመጣው ቃል «ሌባ» ከሆነ መሪ ቃሉ ወድቋል። ቀጥለሽ «ይህን የጻፈው ባንክ ባለፈው ወር ምን የገጠመው ይመስልዎታል?» ብለሽ ጠይቂ። ጥሩ መሪ ቃል «እኔ እንጃ፣ ምንም» ያስብላል። መጥፎው ታሪክ ያስፈጥራል።

ምትኩን ለማግኘት አፑ በእርግጥ ምን እንደሚያደርግ የሠሩትን ልጆች ጠይቂያቸው። አብዛኛውን ጊዜ አፑ በአንድ ስልክ ላይ ብቻ ነው የሚመዘገበው። ፒን ይጠይቃል፤ ከመላክሽ በፊት የተቀባዩን ስም ያሳያል፤ የቀን ገደብም አለው። ሁሉም የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው፤ አዛዡ ባለቤቱ ነው። ከዚህ ተነስተሽ ብትጽፊ መጀመሪያ የሚወጣው እንዲህ ያለ ነገር ነው፦ «እርስዎ ካላዘዙ ብርዎ አይነቃነቅም»። ሌባው ወጥቶ ደንበኛው ገባ።

ሶፍትዌር ሠሪ፦ «ኔትወርክ ሲጠፋስ? ሰው ታክሲ ላይ ቆሞ ብር አልሄድ ሲለው "እውነትም አይነቃነቅም" ብሎ ነው የሚስቅባችሁ።»

ጥሩ ያዝከው! ይህ ቀልድ በአንድ ቀን ከተማውን ያዳርሳል። የባንክ መሪ ቃል አፑ በሚበላሽበት ሰዓትም ይነበባልና እስቲ ገልብጠን እንየው፦ «ብርዎ የሚታዘዘው ለእርስዎ ብቻ»። አሉታ የለበትም። የቆመ ብርም የለበትም። ጥበቃው ያለው «ብቻ» ውስጥ ነው፤ ያም ጮክ ብሎ አይናገርም። ኔትወርክ ሲጠፋ አሁንም ሰው ሊያሾፍ ይችላል፤ የሚያሾፍበት ግን በኔትወርኩ ነው።

የኢንሹራንስ ወኪል፦ «ፍርሃት ይሸጣል ባይ ነኝ። እኛ አደጋውን ካላሳየን ማንም አይገዛም።»

ግማሹ እውነት ነው። ፍርሃት የሚሠራው ሰውዬው ወዲያው ሊያደርገው ከሚችለው ነገር ጋር ሲመጣ ነው። አንተ አደጋውን አሳይተህ የሚፈረመውን ውል ከኪስህ ታወጣለህ። የአፑ መሪ ቃል ግን የሚፈረም ነገር የለውም። ማስፈራሪያውን አንብቦ ማድረግ የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አፑን መዝጋት።

ማስጠንቀቂያ ቦታ የለውም ማለቴ አይደለም። ቦታው የማረጋገጫ ኮዱ የሚመጣበት መልእክት ነው። «ይህን ኮድ ለማንም አይንገሩ፤ ባንኩም አይጠይቅዎትም» ብለህ እዚያ ጻፍ። እጁ ኮዱ ላይ ስለሆነ ይሰማሃል።

እናት፣ ከደሴ፦ «ልጄ፣ "ከባንክ ነው" ብሎ የደወለ ሰው ቁጥር ንገሪኝ ብሎኝ ነገርኩት፤ ብሬም ሄደ። አንተ ስለ መፈክር ታወራለህ። የእኔስ ብር ይመለሳል?»

እማማ፣ የእርስዎ ይቀድማል። አሁኑኑ ባንክዎ ይሂዱ ወይም ይደውሉ። ሂሳቡንና አፑን እንዲያግዱ፣ ብሩ የገባበትንም ሂሳብ እንዲይዙ ይጠይቁ። የመጡልዎትን መልእክቶች አንዱንም አያጥፉ። ፖሊስ ጣቢያም ያመልክቱ። ብሩ ከሂሳቡ ወጥቶ ካልተበላ ተስፋ አለ፤ ይመለሳል ብዬ ግን ልዋሽዎት አልችልም።

የሕግ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ፦ «ከላይ ያሉትን እናት ጉዳይ ካነሳን ይቀጥል። "ለእርስዎ ብቻ" ካላችሁ እሳቸው "አላዘዝኩም" ብለው ይከሷችኋል። ይህ ማስታወቂያ ነው ወይስ ዋስትና?»

እኔ ማስታወቂያ ነው እላለሁ። እሳቸው ዋስትና ነው ይላሉ፤ እውነት ለመናገር እሳቸው የሚያነቡበት መንገድ ነው ልክ የሚመስለኝ። ስለዚህ መሪ ቃሉ ከመውጣቱ በፊት የስጋት አስተዳደር ክፍሉ አንድ ጥያቄ ይመልስ፤ ደንበኛው ተታሎ ኮዱን ከሰጠ አፑ ሌላ ምን ያደርጋል? ለአዲስ ተቀባይ ብዙ ብር ሲላክ የሚያቆይ ወይም የሚደውል ነገር ካለ መሪ ቃሉ ሊቆም ይችላል። ፒን ብቻ ከሆነ «ብቻ» የሚለውን አውጥታችሁ ደፋር ያልሆነ ነገር ጻፉ። ፍርድ ቤት እንዴት ያየዋል የሚለውን ለአንተ እተወዋለሁ።

ተማሪ፦ «"መቶ በመቶ ደህንነቱ የተረጋገጠ" ቢባል ምን ይጎድለዋል? ግልጽ አይደል?»

ግልጽ ነው። ግን መቶ በመቶ ያለ ሰው አንድ ቀን አንድ ብር ቢጠፋ አለቀለት። በዚያ ላይ እኛ አገር በዕድሜ ገፋ ያለ ሰው «ደህንነት» ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው።

የባንክ አይቲ ሠራተኛ፦ «መሪ ቃሉን በእያንዳንዱ የብር መልእክት መጨረሻ ላይ ጨምሩ ተብለናል። ወጪው ይጨምራል ወይ?»

በጣም። የማርኬቲንግ ሰዎች የማያውቁት ነገር ይኸው ነው። አንድ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል 160 ምልክት ይይዛል። አንዲት የግዕዝ ፊደል ከገባች ግን መልእክቱ በሙሉ ወደ 70 ይወርዳል። ከዚያ በላይ ከሆነም በ67 በ67 ይቆራረጣል።

የእናንተ መልእክት በእንግሊዝኛ 140 ምልክት ነው እንበል። ዛሬ የምትከፍሉት የአንድ መልእክት ነው። መሪ ቃላችን ከነክፍተቱ 19 ነው፤ ከፊቱ አንድ ክፍተት ሲጨመር ድምሩ 160 ይሆናል። ለዓይን ልክ የገባ ይመስላል። ነገር ግን ግዕዝ ስላለበት በ67 ሲካፈል ሦስት መልእክት ሆነ። ደንበኛው ምንም ልዩነት አያይም፤ ባንኩ ግን ሦስት እጥፍ ይከፍላል። ስለዚህ መሪ ቃሉን አፑ ሲከፈት በሚታየው ገጽና በፕለይ ስቶር ላይ አድርጉት። ፕለይ ስቶር ለአጭር መግለጫ 80 ምልክት ይሰጣል፤ ለመሪ ቃሉ ይበቃዋል፣ ይተርፈዋልም። መልእክቱን ተዉት፤ እዚያ ሰው የሚፈልገው ስንት ብር እንደቀረው ነው።

ወጣት፣ ከአዳማ፦ «"እርስዎ" ለእኛ ትውልድ ይከብዳል። "ያንተ" ብትሉት አይሻልም? ደግሞ በአፋን ኦሮሞስ እንዴት ይባላል?»

«ያንተ» ካልክ እህትህ ቀርታለች፤ «ያንቺ» ካልክ አንተ። «እርስዎ» ሁለታችሁንም ይይዛል፣ ሽማግሌውንም አያስቀይምም። ለወጣት ብቻ የሚሠራ አፕ ከሆነ ግን አልከራከርህም፤ «ብርህ፣ ብርሽ» እያሉ የሚቀባበሉ ሁለት ማስታወቂያዎች ሊያምሩ ይችላሉ።

አፋን ኦሮሞውን ከአማርኛው ቃል በቃል አታስተርጉሙት። አፕ ሠሪዎቹ የሚሉትን ያንኑ ዝርዝር ለኦሮምኛ ጸሐፊ ስጡትና ከዜሮ ይጻፈው። ከዚያ አዳማ ቅርንጫፍ ወረፋ ላይ ያንኑ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ።