ለንባብ ጥግ የሚጻፍ ማመልከቻ፦ ለጀማሪ መምህራን

ውድ ወጣት መምህራን፣

በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በመምህርነት፣ ኋላም በርዕሰ መምህርነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት፣ በመማሪያ ክፍል ውስጥ ትንሽ የንባብ ጥግ ለማዘጋጀት ፈቃድ የሚጠይቁ ብዙ ማመልከቻዎች ጠረጴዛዬ ላይ ደርሰዋል። አብዛኞቹ ስለ ንባብ ጥቅም ሁለት አንቀጽ ካተቱ በኋላ በመጨረሻው መስመር ላይ «ትብብር እንዲደረግልኝ» ብለው ይዘጋሉ። የንባብን ጥቅም ለርዕሰ መምህር ማስረዳት ቀለም ማባከን ነው። ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን ይዞ የሚያስበው፣ መጻሕፍቱ በማን ስም ወጪ እንደሚሆኑ፣ ቢጠፉ ማን እንደሚጠየቅና ክፍሉን የሚጋራው ሌላ መምህር ምን እንደሚል ነው። ደብዳቤው እነዚህን መልሶ ከመጣ በኅዳጉ ላይ አንድ መስመር ምሪት ጽፎ ይፈርምበታል፤ ካልመለሰ ግን «እናየዋለን» ተብሎ ፋይል ውስጥ ይቀራል።

ዋናው ቋጠሮ ንብረት ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት መጽሐፍ ሲገባ በሞዴል 19 ገቢ ይደረጋል፤ መምህሩ ሲፈልገው በሞዴል 20 ይጠይቃል፤ ሲረከብም ሞዴል 22 ላይ ይፈርማል፤ ከዚያች ፊርማ በኋላ ተጠያቂው እርሱ ነው። አጋዥ የንባብ መጻሕፍት በካርቶን እንደታሸጉ መጋዘን ውስጥ የሚከርሙት ብዙውን ጊዜ በዚሁ ፍርሃት ምክንያት ስለሆነ፣ የንብረት ሠራተኛውን ክፉ አድርጋችሁ አትዩት። የሰባትና የስምንት ዓመት ልጆች የሚያገላብጡት ቀጭን መጽሐፍ ሽፋኑ መላቀቁና ገጹ መቀደዱ የማይቀር ነው። ስለዚህ መጥፋትንና ማርጀትን ከመጀመሪያው ለይታችሁ ጻፉ፤ በአጠቃቀም ያረጀው መጽሐፍ ከነቁርጥራጩ ሲመለስ እንደተመለሰ እንዲቆጠር፣ የጠፋውን ግን እናንተ እንድትተኩ ማለት ነው። ይህ ዓረፍተ ነገር በደብዳቤው ላይ ከሌለ በሰኔ ቆጠራ ወቅት በቃል የምታቀርቡት ማስረጃ ብዙም አይረዳችሁም።

ሌላው ሁለት ፈረቃ በሚያስተናግዱ ትምህርት ቤቶች የሚገጥመው ጉዳይ ነው። ጠዋት የእናንተ የሆነው ክፍል ከሰዓት በኋላ የሌላ መምህር ነው፤ የእርሱ ተማሪዎች ደግሞ ምናልባት ከፍ ያለ ክፍል ልጆች ይሆናሉ። መደርደሪያው ሳይከደን ካደረ መጻሕፍቱ በየቦርሳው ገብተው እስከ ኅዳር ግማሽ አይደርሱም። ማመልከቻውን ከማስገባታችሁ በፊት ከዚያ መምህር ጋር ተነጋገሩ፤ ከተቻለ ግርጌው ላይ ይፈርምላችሁ። ርዕሰ መምህሩ የሁለታችሁን ፊርማ ሲያይ ነገ ቢሮው ድረስ የሚመጣ ቅሬታ እንደሌለ ይረዳል።

እንግዲህ አንድ ናሙና ላስቀምጥላችሁ። ቁጥሮቹን በክፍላችሁ ልክ ለውጧቸው።

መስከረም 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለ……… አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር

ጉዳዩ፦ በ2ኛ «ለ» ክፍል የንባብ ጥግ ለማዘጋጀት ፈቃድ ስለመጠየቅ

ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው፣ በማስተምርበት 2ኛ «ለ» ክፍል የሚገኙት 48 ተማሪዎች ከመማሪያ መጽሐፋቸው ሌላ በክፍል ውስጥ የሚያነቡት ስለሌላቸው፣ ከበሩ ተቃራኒ ባለው የኋላ ማዕዘን 2 ሜትር በ1 ሜትር ተኩል በሚሆን ቦታ ላይ የንባብ ጥግ ለማዘጋጀት አቅጃለሁ። ስለሆነም 30 አጋዥ የአማርኛ የንባብ መጻሕፍት በስሜ ወጪ ሆነው እንዲሰጡኝ፣ እንዲሁም በግቢው ከተከማቹት የተሰበሩ ዴስኮች በሚገኝ ጣውላ ቁመቱ 90 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ መዝጊያ ያለው ባለ ሁለት ደርብ መደርደሪያ እንዲሠራ እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ። መጻሕፍቱን ዘወትር ዓርብ ቆጥሬ በመዝገብ እይዛለሁ፤ በአጠቃቀም ያረጁትን ከነቁርጥራጫቸው ለንብረት ክፍል እመልሳለሁ፤ የጠፉትን እተካለሁ። ክፍሉን ከሰዓት በኋላ የሚጠቀሙት መምህር በጉዳዩ መስማማታቸውን ከዚህ በታች በፊርማቸው አረጋግጠዋል።

ከሰላምታ ጋር

ስምና ፊርማ

ግልባጭ፦ ለንብረት ክፍል፣ ለቤተ መጻሕፍት

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ እያንዳንዱ ዝርዝር ግን ምክንያት አለው። ለ48 ልጆች 30 መጽሐፍ ያነሰ ቢመስልም፣ በዚያ ስፋት ላይ በአንድ ጊዜ የሚቀመጡት ስድስት ልጆች ብቻ ስለሆኑ፣ ሥራቸውን ቀድመው የጨረሱት በየተራ ሲሄዱ ይበቃቸዋል፤ 30 መጽሐፍን ደግሞ ዓርብ ከመውጫ ደወል በፊት ቆጥሮ መጨረስ ይቻላል። ማዕዘኑ ከበሩ ተቃራኒ የሆነው ሰሌዳው አጠገብ ቆማችሁ በቀጥታ እንድታዩት፣ በዕረፍት ሰዓት የሚጋፋውም ልጅ እንዳይረግጠው ነው። ክረምት ላይ ጣራው የሚያፈስበትን ቦታ ከጥበቃው ወይም ከጽዳት ሠራተኛዋ ጠይቁ፤ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። የመደርደሪያው ቁመትም ልጆቹ የላይኛውን ደርብ ወንበር ላይ ሳይወጡ እንዲደርሱበት የታሰበ ነው።

ስለ ተሰበሩት ዴስኮች ትንሽ ልጨምር፤ ብዙ ጀማሪዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉና። ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ተከምሮ ዝናብ የሚመታው ዴስክ ለዓይን ማገዶ ቢመስልም፣ በደንቡ መሠረት እስኪወገድ ድረስ በንብረት መዝገብ ላይ ያለ ንብረት ነው። ለመልካም ሥራ ብላችሁ አንዱን እግር በመጋዝ ብትቆርጡ በቆጠራ ጊዜ «ዴስኩ የት ሄደ?» መባሉ አይቀርም። ፈቃዱ በጽሑፍ ከተሰጠ ግን የንብረት ሠራተኛው ቀንሶ ይመዘግባል፤ መደርደሪያውም አዲስ የንብረት ቁጥር ያገኛል። አዲስ የብረት መደርደሪያ እንዲገዛ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ እሱ ግን ፕሮፎርማ ተሰብስቦ፣ በትምህርት ቤቱ ዕቅድና በድጎማ በጀት ተይዞ የሚፈጸም ስለሆነ፣ የዘንድሮ ልጆቻችሁ ወደ 3ኛ ክፍል ካለፉ በኋላ ሊደርስ ይችላል።

ገንዘብ ከወላጆች አሰባስቤ እሠራለሁ የሚል ቃል በደብዳቤው ውስጥ አታስገቡ። ወላጆች ለማገዝ ከፈለጉ በወላጅ መምህር ኅብረት በኩል፣ ሕጋዊ ደረሰኝ እየተቆረጠ ይሁን። ሰሌን ከቤታችሁ ብታመጡ ማንም አይከለክላችሁም፤ በሚቀጥለው ዓመት ክፍል ስትቀይሩ ይዛችሁት ለመሄድ ግን የግላችሁ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ይኑር።

ጊዜውንም ምረጡ። ሰኔ ላይ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ስለሚቃረብና ንብረት ክፍሉ በዓመታዊ ቆጠራ ስለሚጠመድ ምንም ነገር ወጪ ማድረግ አይፈልግም። የመስከረም የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የተሻሉ ናቸው። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጁ፤ አንዱ መዝገብ ቤት ይቀራል፤ ሁለተኛው ላይ ግን የገቢ ማኅተም ተመትቶበት ቁጥርና ቀን ተጽፎበት በእጃችሁ ይቆይ። ርዕሰ መምህሩ በኮሪደር አግኝቶ «ሥሪው፣ ችግር የለም» ቢልሽ ወይም «ቀጥል» ቢልህ አመስግናችሁ፣ ያንኑ በደብዳቤው ኅዳግ ላይ እንዲጽፍላችሁ በትሕትና ጠይቁ። የንብረት ሠራተኛው መጋዘኑን የሚከፍተው የተጻፈውን ምሪት አይቶ ነው።

መልሱ «አይቻልም» ከሆነ የትኛው ክፍል እንደከበደ ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚከብደው መደርደሪያው ሳይሆን የመጻሕፍቱ ቁጥር ነው። እንዲህ ከሆነ 10 መጽሐፍ በካርቶን ውስጥ ይዛችሁ ለመጀመር የሚጠይቅ አጭር ደብዳቤ ጻፉ፤ የዓርብ ቆጠራችሁን መዝገብም ሳታቋርጡ ያዙ። በጥር የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ሲያበቃ ለቀሪዎቹ 20 መጻሕፍት ሁለተኛ ማመልከቻ ስታስገቡ የዚያን መዝገብ ኮፒ አባሪ አድርጉ።