በቴሌግራም «አልመጣም» ካልክ በኋላ የሚጻፈው ደብዳቤ

ጥያቄ፦ «ፈተና አልፌ ሥራ ሰጥተውኝ ነበር። 'ይቅርታ ሌላ ቦታ ስላገኘሁ አልመጣም' ብዬ በቴሌግራም መለስኩ። የሰው ኃይል ኃላፊዋ አንብባ ዝም አለች። ወደፊት እዚያ መሥራት እፈልጋለሁ። አሁን ደብዳቤ ብጽፍ ይረፍዳል?»

አይረፍድም ወንድሜ፤ ግን ዛሬውኑ ጻፈው።

1. እምቢታህን በግልጽ አስቀምጠው። ያመነታህ ከመሰላቸው ተጠባባቂውን ሳይጠሩ ይቆያሉ፤ ያኔ ነው የሚቀየሙህ።

2. ደመወዝ አታንሳ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። አንድ አስመጪ ድርጅት ለሒሳብ ሠራተኛነት መርጦኝ ነበር። ታክሲ ውስጥ ሆኜ «የተሻለ የሚከፍል አግኝቻለሁ፣ ቻው» ብዬ ላክሁላቸው። የሄድኩበት ቦታ በሙከራ ጊዜዬ አሰናበተኝ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው፤ በዚያ ውስጥ ለሥራው ብቁ አይደለህም ካሉህ ያለ ማስጠንቀቂያ ትወጣለህ። ወደ አስመጪው ተመለስኩ። ኃላፊው «ቁጭ በይ» እንኳን ሳይሉኝ ስልካቸውን አውጥተው መልእክቴን ሠራተኛው ፊት ጮክ ብለው አነበቡት። ጥፋቱ የኔ ነበር። ሰው ፊት ማንበባቸው ግን ነውር ነው፤ እስካሁን ያመኛል።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ድርጅት ሲቀጥረኝም ቸኩዬ በመልእክት እምቢ አልኩ። ማታ እንቅልፍ አጣሁ። በማግስቱ ይህን ጽፌ ወሰድኩ፦

«ጉዳዩ፦ የተሰጠኝን የሥራ ዕድል አለመቀበሌን ስለማሳወቅ

በሒሳብ ሠራተኛነት እንድሠራ ስለመረጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ሌላ ሥራ በመያዜ ዕድሉን መቀበል እንደማልችል በአክብሮት እገልጻለሁ። ትናንት የላክሁት አጭር መልእክት ለሰጣችሁኝ ጊዜ የሚመጥን ስላልነበረ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በቃለ መጠይቁ ዕለት ስለ ንብረት ቆጠራ አሠራራችሁ ያስረዳችሁኝ ብዙ አስተምሮኛል። ወደፊት በሒሳብ ክፍሉ ክፍት ቦታ ሲኖር በድጋሚ ብወዳደር ደስ ይለኛል።

ከሠላምታ ጋር»

«ብወዳደር» ነው ያልኩት፤ «አስታውሱኝ» አላልኩም። ቦታ እንዲይዙልህ የጠየቅክ ከመሰለ ይከብዳቸዋል። የቆጠራውን ዓረፍተ ነገር ደግሞ ለማንም ሌላ ድርጅት ልልከው አልችልም። አንተም ከራስህ ቃለ መጠይቅ አንድ እንደዚህ ያለ ነገር ፈልግ።

በሁለት ቅጂ አትሜ መዝገብ ቤት አስገባሁ። በቀሪው ላይ «ገቢ» የሚል ማህተም መቱልኝ። መልእክት ኃላፊዋ ስልክ ውስጥ ይቀራል፤ ደብዳቤ ግን ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። ከስምንት ወር በኋላ ቦታ ሲከፈት ራሳቸው ደወሉልኝ፤ ተወዳድሬ ገባሁ። ኃላፊዋ ፋይሌን ስትከፍት ደብዳቤዬ ከላይ ነበር። ደስ አለኝ፣ አልዋሽህም።

ውል ፈርመህ ከሆነ ግን ይህ ደብዳቤ አይሠራልህም፤ ጉዳይህ የሥራ መልቀቂያ ይሆናል። ፈርመሃል ወይስ አልፈረምክም?