18.4 ወይስ 18.5? በአንድ ገለጻ ውስጥ ቁጥሮችን ስለ ማስማማት ጥያቄና መልስ

ሐዋሳ ውስጥ ለቡና አምራቾች ማኅበራት የዓመት ሪፖርትና የገለጻ ስላይድ ሳዘጋጅ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። «ስለ ቁጥር አቀራረብ የቸገራችሁን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፤ ከጠበቅኩት በላይ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ።

አንዲት የሂሳብ ሠራተኛ፣ ከታቦር፦ «ስላይድ 4 ላይ ያለው ግራፍ ለአንደኛው ማኅበር ሽያጭ 18.4 ሚሊዮን ብር ይላል። ስላይድ 9 ላይ ያለው ሰንጠረዥ ደግሞ ለዚያው ማኅበር 18.5። ሁለቱም ከአንድ ፋይል ነው የወጡት። የትኛው ነው የተሳሳተው?»

የላኩልኝን ፋይል አየሁት፤ የተሳሳተው ሰንጠረዡ ነው። ቁጥሩ ሁለት ጊዜ ተጠጋግቷል። መጀመሪያ አንድ ሰው ከነጥብ በኋላ በሁለት አኃዝ አጠጋግቶ አስቀመጠው፤ ከዚያ ስላይዱን የሠራው ሰው ያንን አይቶ እንደገና ወደ አንድ አኃዝ አወረደው። በየደረጃው የተሠራው ትክክል ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ስህተት ነው። የአራቱንም ማኅበራት እንዲህ ደርድሬያቸዋለሁ፦

| ማኅበር | ሙሉው ቁጥር (ብር) | በሁለት አኃዝ (ሚሊዮን) | ከሙሉው ወደ አንድ አኃዝ | ከሁለት አኃዝ ወደ አንድ |
|---|---|---|---|---|
| 1ኛ | 18,447,300 | 18.45 | 18.4 | 18.5 |
| 2ኛ | 12,448,900 | 12.45 | 12.4 | 12.5 |
| 3ኛ | 9,346,200 | 9.35 | 9.3 | 9.4 |
| 4ኛ | 5,642,800 | 5.64 | 5.6 | 5.6 |
| ድምር | 45,885,200 | 45.89 | 45.9 | 46.0 |

የመጨረሻውን ዓምድ ይመልከቱ። ሦስቱ ማኅበራት ያልሸጡትን ሸጡ፤ የዓምዱ ቁጥሮች ሲደመሩም ወደ 46 ሚሊዮን ወጣ። ስለዚህ ማጠጋጋት አንድ ጊዜ ብቻ፣ መጨረሻ ላይ፣ ከሙሉው ቁጥር ነው። ሌላ ሰው የሠራው ሰንጠረዥ በእጅዎ ሲገባ ከእሱ ላይ አይቅዱ፤ ሙሉው ቁጥር ያለበትን ፋይል ይጠይቁ። በ5 የሚጨርስ ቁጥር ሲያዩ በተለይ ይጠንቀቁ፤ 18.45 ከየት እንደመጣ ሳያውቁ ወደ ላይ ይሂድ ወይስ ወደ ታች መወሰን አይችሉም።

አንድ ወጣት፦ «ይሄ ሁሉ ለምን ያስቸግራል? እኔ ሁሉንም ሴል በ `=ROUND(B2/1000000,1)` አጠጋግቼ ከዚያ እደምራለሁ። ድምሩ ሁልጊዜ ከዝርዝሩ ጋር ይገጥማል።»

ይገጥማል፣ ወንድሜ፤ የሚገጥመው ግን ከራሱ ጋር ነው። ከላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች በአንተ መንገድ ደምራቸው፦ 18.4፣ 12.4፣ 9.3፣ 5.6። 45.7 ይመጣል። ኦዲተሩ የፈረመበት ሂሳብ 45,885,200 ነው፤ አንተ 185,200 ብር አስቀርተሃል። ግማሽ እውነት ግን ይዘሃል፦ ገንዘቡ በእርግጥ በተጠጋጋው መጠን የሚከፈል ከሆነ፣ ለምሳሌ ደመወዝ እስከ ሳንቲም ተጠጋግቶ ሲከፈል፣ እያንዳንዱ መስመር በ`ROUND` ተጠጋግቶ መደመር አለበት፤ ከባንክ የሚወጣው ያ ነውና።

ለገለጻ ግን ቁጥሩን አትንካው፣ መልኩን ብቻ ለውጥ። ኤክሴል ውስጥ ሙሉውን ብር ይዘህ ለሴሉ ይህን የቁጥር ቅርጽ ስጠው፦

```
#,##0.0,,
```

መጨረሻ ላይ ያሉት ሁለት ኮማዎች እያንዳንዳቸው በሺህ ያካፍላሉ፤ ስለዚህ 18,447,300 በዓይን 18.4 ሆኖ ይታያል፣ ከውስጥ ግን ሙሉው አለ፣ ድምሩም ከሙሉው ይሠራል። በሺህ ብር ማሳየት ከፈለግህ አንድ ኮማ ብቻ ተው። `Set precision as displayed` የሚለውን ምርጫ ደግሞ አትንካው፤ ያልታየውን አኃዝ ለዘለዓለም ያጠፋዋል።

ያው ወጣት ተመልሶ፦ «ኤክሴሉ ላይ ሠራ። ፓወር ፖይንት ላይ ያለው ግራፍ ግን ግማሹ ተስተካክሎ ግማሹ አልተስተካከለም።»

ምክንያቱም በግራፉ ላይ የዘንጉ ቁጥርና በዓምዶቹ አናት ላይ የሚጻፈው ቁጥር ለየብቻ ነው ቅርጽ የሚይዙት። የዓምዶቹን ቁጥር በቀኝ ጠቅ አድርገህ `Format Data Labels`፣ ከዚያ `Number` ውስጥ ግባ፤ ቅርጹን ጻፍና `Add` በል። `Linked to source` የሚለው ምልክት ካለበት ግራፉ የምንጩን ሴል ቅርጽ ይከተላል፤ ይህ ጥሩ የሚሆነው ምንጩን አንተ ስትቆጣጠር ብቻ ነው። ለዘንጉም እንዲሁ ድገመው።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። ዘንጉ ላይ `Display units` አስቀድሞ በ`Millions` ተቀምጦ ከሆነና አንተም ሁለቱን ኮማ ከጨመርክ ሁለት ጊዜ ይካፈላል፤ ሁሉም 0.0 ይሆናል። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ። ሁለተኛው እኔን በሰው ፊት ያሳቀብኝ ነው፦ በችኮላ ሁሉንም ዘንግ መርጬ `#,##0` ስሰጠው ዓመተ ምሕረቱም ተከተለ፤ ግራፉ ሥር «2,014፣ 2,015፣ 2,016» ተደርድሮ ስክሪን ላይ ወጣ። ዓመት መጠን አይደለም፤ እንደ ጽሑፍ ይጻፍ።

የአንድ ፕሮጀክት አስተባባሪ፦ «ግራፉ ገባኝ። ሰንጠረዡና ጽሑፉስ? በየስላይዱ አረፍተ ነገር ውስጥ ቁጥር አለ።»

ችግሩ የሚደበቀው እዚያ ነው። ፓወር ፖይንት ውስጥ የተሠራ ሰንጠረዥ ቁጥር አያውቅም፤ ለእሱ 18.4 እንደ «ቡና» ያለ ጽሑፍ ነው። ኤክሴሉ ሲታረም ሰንጠረዡ ባለበት ይቀራል። እኔ ኤክሴሉ ውስጥ «ለስላይድ» የሚል አንድ ገጽ አለኝ፤ በስላይዱ ላይ የሚታየው እያንዳንዱ ቁጥርና ቁጥር ያለበት አረፍተ ነገር ሁሉ እዚያ ተዘጋጅቶ ነው የሚቀዳው፦

```
="ጠቅላላ ሽያጭ "&TEXT(B6,"#,##0.0,,")&" ሚሊዮን ብር"
```

ዕድገትን በተመለከተም እንዲሁ ነው። የአምናው ሽያጭ 41,020,500 ብር ነበር እንበል። ከሙሉው ቁጥር ሲሠራ ዕድገቱ 11.9 በመቶ ነው። ስላይዱ ላይ ያለውን 45.9 እና 41.0 ይዞ በስልኩ ካልኩሌተር የሠራ ሰው ግን 12.0 ያገኛል፣ ያንንም ርዕሱ ላይ ይጽፈዋል። ከዚያ ርዕሱና ግራፉ አንድ ስላይድ ላይ ይጣላሉ።

አንድ የማኅበር ሥራ አስኪያጅ፦ «በትክክለኛው መንገድ ስንሠራ ዝርዝሩ 45.7፣ ድምሩ 45.9 ሆነ። ቦርዱ ይህን አይቀበለኝም። አንዱን ቁጥር በትንሹ ባስተካክለውስ?»

ይህ እኔንም ገጥሞኛል። የቦርድ አባል የሆኑ አንድ አዛውንት ፊት ለፊት ተቀምጠው በእርሳስ እየደመሩ ነበር። ገለጻው ሲያልቅ እጃቸውን አነሡና «ልጄ፣ ሁለት መቶ ሺህ ብር የት ገባ?» አሉኝ። ስለ አስርዮሽ ሳስረዳ ሰዓቱ አለቀ፤ ከአዳራሹ ስንወጣም ያመኑኝ አይመስለኝም።

ቁጥሩን አያስተካክሉ። 5.6ን 5.8 ካደረጉ ያ ማኅበር ተነሥቶ «የእኛ ሂሳብ 5.6 ነው» ይልዎታል፤ ትክክልም ነው። እኔ ሰንጠረዡ ሥር «ቁጥሮቹ ስለተጠጋጉ ዝርዝሩ ከድምሩ ጋር በትክክል ላይገጥም ይችላል» ብዬ እጽፋለሁ፤ ይህንንም ገለጻው ሲጀመር በአፌ እናገራለሁ፣ መጨረሻ ላይ ሲጠየቅ ማመካኛ ይመስላልና። በሁለት አኃዝ ቢያሳዩ ደግሞ ዘንድሮ ዝርዝሩ 45.89 ሆኖ ከድምሩ ጋር ይገጥማል። ግን ዕድል ነው፤ ለከርሞው ዋስትና የለውም። ያንን ከመረጡም ሁሉም ስላይድ ላይ ሁለት አኃዝ ይሁን።

በመቶኛው ላይ ግን ሐሳቤ አልረጋም። የአራቱ ድርሻ ያለ አስርዮሽ ሲጻፍ 40፣ 27፣ 20፣ 12 ነው፤ ድምሩ 99። በአንድ አኃዝ 40.2፣ 27.1፣ 20.4፣ 12.3 ሲሆን 100.0 ይሞላል፤ እኔ ይህን እመርጣለሁ። የጎደለችውን አንድ በመቶ ከነጥብ በኋላ ትልቁ ትርፍ ላለው፣ እዚህ ለሦስተኛው፣ ሰጥተው 21 የሚሉ ጠንቃቃ ባለሙያዎች አሉ። ደንቡ ግልጽና ለሁሉም እኩል ነው። እኔ ግን 20.4 የሆነውን 21 ብዬ ለመጻፍ እጄ አይታዘዝልኝም።

ጡረታ የወጡ መምህር፦ «የቁጥር አጻጻፍ ካነሣችሁ፣ የራሳችን ፩፣ ፪፣ ፫ እያለን ለምን አንጠቀምበትም?»

መምህር፣ ጥያቄው ስለ ሌላ ነበር፤ ግን ደስ አለኝ። የግዕዝ ቁጥር ዜሮም የአስርዮሽ ነጥብም የለውም፤ 18.4ን የምንጽፍበት መንገድ የለም፣ ኤክሴልም አይደምረውም። ለምዕራፍ ቁጥር ግን ያምራል። እኔም የስላይዱን ክፍሎች በእሱ እከፍላለሁ።

የመረጃ ሥራ ጀማሪ፦ «ኤክሴል 2.5ን 3 ያደርገዋል፣ ፓይተን ግን 2። አንዱ ተበላሽቷል?»

አልተበላሸም፤ ልምዳቸው የተለያየ ነው። የፓይተን `round` መሀል ላይ ያለውን ወደ ቅርቡ ተጋማሽ ቁጥር ይወስደዋል፣ ኤክሴል ከዜሮ ያርቀዋል። ግማሹን ግራፍ በአንዱ፣ ግማሹን በሌላው አትሥራ።

ሁለት ሰዎች ስለ መለኪያ፣ አንዱ፦ «ገበሬው የሚያውቀው ኩንታል ነው፤ በኩንታል ይሁን።» ሌላዋ፦ «ለጋሹ የሚፈልገው ቶን ነው። ዋጋው ደግሞ በፈረሱላ ተጽፎ አየሁ!»

ኩንታልና ቶን አይጣሉም፤ 10 ኩንታል 1 ቶን ስለሆነ ነጥቡ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። አደጋውም እዚያው ነው፦ 2,340 ኩንታልና 234 ቶን ሁለት ስላይድ ላይ ሲቀመጡ አንዱ ዜሮ የተረሳ ይመስላል። ፈረሱላ ይበልጥ ያስቸግራል፤ 17 ኪሎ ስለሆነ ዓይን አይቀይረውም። በፈረሱላ 3,400 ብር ማለት በኪሎ 200 ብር ነው፤ ነገር ግን 3,500 ሲሆን 205.88 ይመጣል፤ የአስርዮሽ ብዛቱ ጥያቄም አብሮ ይመጣል። ስለዚህ ዋጋ በኪሎ፣ መጠን በአንድ መለኪያ፤ መለኪያውም በእያንዳንዱ ግራፍ ርዕስ ላይ «በኩንታል» ተብሎ ይጻፍ።

ኩንታል ይሁን ቶን ግን እኔም አልወሰንኩም። ዘንድሮ ሁለት ቅጂ ሠርቼ ለጉባኤው በኩንታል፣ ለለጋሹ በቶን አቀረብኩ፤ አንድ የቦርድ አባል ሁለቱንም ይዞ መጥቶ «የትኛው ነው እውነተኛው?» አለኝ።