ዝም የሚሉበትን ቦታ በሰከንድ ለካው

«ስክሪፕቱ አልቋል። ለዓይነ ስውራን የትረካ መስመር ልጨምርበት ብል ገጸ ባህርያቱ ዝም አይሉም፤ የት ላስገባው?»

ስክሪፕቱ ላይ አትፈልግ። ኤዲት ያለቀውን ቪዲዮ ክፈትና ንግግር የሌለበትን ቦታ በሰከንድ መዝግብ።

ደብረ ማርቆስ በቀረጽነው አጭር ፊልም እናትየዋ ጋቢ አጥፋ በሩን ታያለች፤ በሩ እስኪንኳኳ 4 ሰከንድ ብቻ ነው ያለው። መጀመሪያ «እናት በሐዘን የልጇን ነጭ ጋቢ አጣጥፋ መደቡ ላይ ታስቀምጥና ወደ በሩ ትመለከታለች» ብዬ ጻፍኩ፣ ጮክ ብዬ ሳነበው ግን አልገባም። «የልጇን ጋቢ አጥፋ በሩን ታያለች» አልኩት፣ ልክ ገባ። ሐዘኑን ድምጿ ይናገራል።

አደራ፣ በሩ ሲንኳኳ የመጣውን ሰው ስም ቀድመህ እንዳትጠራ። እኔ ጠርቼ፣ ማየት የተሳነው ጓደኛዬ «ሌላው ሳያውቅ ነገርከኝ» ብሎ አዘነብኝ።