ከአበባ ማሰሮ ሥር የሚደረገው ጠጠር

ጥያቄ፦ «በአበባ ማሰሮ ውስጥ ከአፈሩ ሥር ጠጠር ከተደረገ ውኃው ቶሎ ይወርዳል የሚለውን እምነት የሚያርም የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ልሠራ ነው። ስክሪፕቱን በምን ልጀምር? ምንስ ላሳይ?»

መልስ፦ ይህንኑ ርዕስ ሁለት ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ የመጀመሪያው አልተሳካልኝም። እምነቱን በሰፊው ተርኬ እርማቱን መጨረሻ ላይ ስላስቀመጥኩት፣ አንዲት ተመልካች ስለ ጠጠሩ «ምክሬ» አመስግናኛለች። በሁለተኛው ላይ እውነቱን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አስቀደምኩ፦ «ከሥር ያለ ጠጠር እርጥበቱን ወደ ተክሉ ሥሮች ያስጠጋዋል።» እምነቱን ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ጠቀስኩት።

ምክንያቱ ሲነገር ከዚህ በላይ መወሳሰብ የለበትም። በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያሉት ጠባብ ክፍተቶች ውኃን አጥብቀው ስለሚይዙ፣ ከጠጠሩ በላይ ያለው አፈር እስኪጠግብ ድረስ ውኃው ወደ ሰፋፊዎቹ የጠጠር ክፍተቶች አይወርድም። ተርፎ የሚወጣው ከወጣ በኋላም ከአፈሩ ግርጌ የራሰ ንብርብር ይቀራል፤ ውፍረቱን በአብዛኛው የሚወስነው የአፈሩ ልመት እንጂ የማሰሮው ቁመት አይደለም። እንበልና በ20 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ይህ ንብርብር 4 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ለሥሮቹ አየር ያለው 16 ሴንቲ ሜትር ይቀራል። የታችኛውን 5 ሴንቲ ሜትር በጠጠር ብንተካው ግን ራሱ ያው ንብርብር ወደ ላይ ይወጣና የሚተርፈው 11 ብቻ ይሆናል።

ለማሳየት ከሁሉ የሚቀለው ስፖንጅ ነው። በውኃ ነክረው ጠፍጣፋ አድርገው ይያዙትና ማንጠባጠቡን እስኪያቆም ይጠብቁ፤ ከዚያ ሳይጨምቁ በጠባቡ ጎኑ ያቁሙት። እንደገና ማንጠባጠብ ይጀምራል። ቁመት ሲጨምር ውኃ እንደሚወጣ ተመልካቹ በዓይኑ ካየ፣ በጠጠር ምክንያት የአፈሩ ቁመት ማጠሩ ጉዳት መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም።

ከታች የተበሱ ሁለት ብርሃን አሳላፊ የፕላስቲክ ብርጭቆዎችን ጎን ለጎን ማሳየትም ይቻላል። እዚህ ላይ እኔ ተሳስቻለሁ፦ አፈሩ ደረቅ ስለነበር ውኃው በብርጭቆው ግድግዳ ሾልኮ ወረደና ጠጠር ያለበት ያሸነፈ መሰለ። አፈሩን አስቀድመው እኩል ያርጥቡት፣ እኩልም ይጠቅጥቁት። ውኃው መውረዱን ካቆመ በኋላ ከጠጠሩ በላይ ያለውን ጠቆር ያለ የራሰ አፈር በካሜራ ቀርበው ያሳዩ።

«ጠጠር ተክል ይገድላል» የሚል ቃል ግን አያስገቡ፤ አፈሩ ሸካራ ከሆነ ልዩነቱ ጥቂት ነው፣ ጠጠር አድርጎ ተክሉ ያማረለት ሰውም ቀሪውን ሳይሰማዎት ይሄዳል። በምትኩ ምን እንደሚደረግ ይንገሩ፦ ማሰሮው ቀዳዳ ይኑረው፣ አፈሩ እንዳይፈስ ቀዳዳው ላይ ቁራጭ ወንፊት ይደረግ፣ ሸካራው ነገርም ከሥር ከመነጠፍ ይልቅ ከአፈሩ ጋር ከላይ እስከ ታች ይደባለቅ። ጠጠሩን መጣል የማይፈልግ ከማሰሮው ውጭ፣ ውኃ መቀበያው ሳህን ላይ ያድርገው፤ የማሰሮው ግርጌ ከውኃው በላይ እስከሆነ ድረስ እዚያ አይጎዳም።