ክፍያ ሲከሽፍ ስንት ጊዜ እንሞክር? መቼስ እንዝጋ?

«በየወሩ በካርድ የሚከፈልበት የቪዲዮ ትምህርት አለኝ። ክፍያ ሲከሽፍ ሲስተሙ በየሰዓቱ ደግሞ ይሞክራል፤ አካውንቱንም ወዲያው ይዘጋል። አንዳንድ ደንበኞች ሁለቴ ተቆረጠብን ይላሉ። ስንት ጊዜ ልሞክር? የስንት ቀን እፎይታስ ልስጥ?»

መጀመሪያ ሁለቴ መቁረጡ ይቁም። የቀኑ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከጠፋ መልስ ነው። ሲስተምዎ ጥያቄ ይልካል፣ ባንኩ ገንዘቡን ይቆርጣል፣ መልሱ ግን መንገድ ላይ ይቀራል። ሲስተሙ ዝምታውን እንደ ውድቀት ቆጥሮ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሌላ ጥያቄ ይልካል። በእርስዎና በባንኩ መካከል ላለው የክፍያ አቀናባሪ ይህ አዲስ ክፍያ ነው። ስለዚህ «ተሳካ» እና «ከሸፈ» ብቻ አይበቁም። «አልታወቀም» የሚል ሦስተኛ ሁኔታ ያስፈልግዎታል።

ለእያንዳንዱ ሙከራ መለያ ቁልፍ ይስጡ፤ ጥያቄውን ከመላክዎ በፊትም ዳታቤዝ ላይ ያስቀምጡት።

```
key = invoice_id + "-" + attempt_no
```

መልስ ከጠፋ ያንኑ ጥያቄ በዚያው ቁልፍ ደግመው ይላኩ። ይህን አሠራር የሚደግፍ አቀናባሪ ሁለተኛ አይቆርጥም፤ የመጀመሪያውን ውጤት ይመልስልዎታል። ባንኩ በግልጽ እምቢ ካለ ግን ቀጣዩ ሙከራ አዲስ ቁልፍ ይፈልጋል፤ አለዚያ የድሮውን እምቢታ ደጋግመው ሊያነቡ ይችላሉ። ቁልፎቹም ለዘላለም አይቀመጡም። ለምሳሌ ስትራይፕ የተባለው አቀናባሪ ከ24 ሰዓት በኋላ ሊያጠፋቸው ይችላል። ስለዚህ «አልታወቀም» የሚል ሙከራ አንድ ቀን ካደረ ደግመው አይላኩት። የክፍያውን ሁኔታ ከአቀናባሪው ጠይቀው ይወስኑ።

የእርስዎ ችግር ይኸው መሆኑን ለማወቅ የአቀናባሪውን ሪፖርት ይክፈቱ። በአንድ ኢንቮይስ ሁለት የተሳኩ ክፍያዎች ካሉ ነገሩ ይኸው ነው። ለአንድ ወር ሁለት ኢንቮይስ ተፈጥሮ ካገኙ ግን ጥፋቱ ሌላ ነው፤ ኢንቮይስ የሚያወጣው ፕሮግራም ሁለቴ ሮጧል። ያኔ በ`subscription_id` እና በ`period_start` ላይ አንድ ላይ `UNIQUE` ያድርጉ።

አሁን ወደ ሙከራው። በየሰዓቱ መሞከር ብዙም አይጠቅምም። ጠዋት ባዶ የነበረ ሂሳብ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ አይሞላም። ቪዛና ማስተርካርድም የድግግሞሽ ገደብ አላቸው፤ ካለፉት ያስከፍላሉ። ከመሞከርዎ በፊት ባንኩ የመለሰውን ኮድ ያንብቡ። 51 ከሆነ በሂሳቡ ውስጥ በቂ ገንዘብ የለም፤ ቆይቶ መሞከር ያዋጣል። 41 የጠፋ፣ 43 የተሰረቀ ካርድ ነው፤ እዚያው ያቁሙ። 54 ካርዱ ጊዜው አልፎበታል ማለት ነው። ያንኑ መረጃ ደግሞ ከመላክ ደንበኛው ካርዱን እንዲያድስ ይጠይቁ። አስቸጋሪው 05 ነው፤ ባንኩ ምክንያቱን ሳይናገር እምቢ ብሏል። እኔ ከ05 በኋላ አንድ ሁለቴ ብቻ እሞክርና ለደንበኛው እጽፋለሁ።

ክፍያው ወር በገባ በ1 የሚደርስ ደንበኛ እንውሰድ። በ1 ቀን 51 መጣ። አካውንቱን አይዝጉ፤ ሁኔታውን ወደ `past_due` ቀይረው በዚያው ቀን ካርድ መቀየሪያ ሊንክ ያለው መልእክት ይላኩለት። በ3፣ በ5 እና በ8 ይሞክሩ፤ ሰዓቱንም ይቀያይሩት። እፎይታው እስከ 10 መጨረሻ ይሁን። ከመጨረሻው ሙከራ በኋላ ሁለት ቀን የተረፈው ሆን ተብሎ ነው፤ ደንበኛው የመጨረሻውን ማስጠንቀቂያ አንብቦ በራሱ የሚከፍልበት ጊዜ ይፈልጋል። እፎይታው ከሙከራዎቹ ቀድሞ ካለቀ የተዘጋ አካውንት ላይ ገንዘብ ይቆርጣሉ። «ከፍዬ ተዘጋብኝ» የሚለው ቅሬታ አንዱ ምንጭ ይህ ነው።

ሰውየው በ7 በሊንኩ ከከፈለ የ8ቱ ሙከራ ወዲያው ይሰረዝ። ደንበኛው የሚከፍልበት ገጽና ሙከራውን የሚያስኬደው ፕሮግራም ሁለቱም ኢንቮይሱን ቆልፈው ይጀምሩ፤ ቀድሞ የቆለፈው ይከፍላል፣ ሌላው ሲደርስ `paid` የሚል አንብቦ ይመለሳል። ቀጣዩ ክፍያ የሚደርሰውም በሚቀጥለው ወር በ1 እንጂ በ7 አይደለም። አገልግሎቱን በእፎይታው ሲጠቀም ቆይቷልና ወሩ የሚቆጠረው ከ1 ጀምሮ ነው። እፎይታው አልፎ ተዘግቶበት በ20 ቢመለስ ግን የተዘጋበትን ቀን አያስከፍሉት። የድሮውን ኢንቮይስ ሰርዘው አዲሱን ወር ከ20 ይጀምሩለት።